አዎ ቀንስ፣ ግን ቀኑን ብቻ አይደለም

ሰላም ወንድሜ፣

በሳምንት ስድስት ቀን ጂም እየሠራሁ ድካሙ አልለቅ አለኝ፣ ቀኑን ልቀንስ ወይ ብለህ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። መልሴ አጭር ነው፦ አዎ፣ ቀንስ። ከስድስት ቀን ወደ አራት ውረድ። ግን የስድስቱን ቀን ሥራ በአራቱ ውስጥ ከጠቀጠቅከው ምንም አልቀነስክም።

እስቲ ያንተኑ ቁጥር አብረን እንቁጠር። ለደረት በአንድ ቀን አራት ዓይነት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱን አራት ዙር ትሠራለህ። 16 ዙር ማለት ነው። ሰኞ የሠራኸውን ሐሙስ ትደግመዋለህ። ደረት ብቻውን በሳምንት 32 ዙር! ለአብዛኛው ሰው ለአንድ ጡንቻ በሳምንት ከ10 እስከ 20 ጠንከር ያለ ዙር ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ጥቅሙ እየሳሳ፣ ድካሙ እየከበደ ይሄዳል። በዚያ ላይ እያንዳንዱን ዙር ክንዴ እስኪዝል እገፋለሁ ብለሃል። አንድ ዙር አቅምህን አሟጠህ ስትሠራ የሚተርፍህ ድካም፣ ሁለት ድግግሞሽ አስቀርተህ ብታቆም ከሚተርፍህ በጣም ይበልጣል። የጡንቻው ጥቅም ግን ያን ያህል አይለያይም።

ስኳትህም እየነገረህ ነው። ከሁለት ወር በፊት 100 ኪሎ ስምንት ጊዜ ትሠራ ነበር፣ አሁን አምስተኛው ላይ ትቆማለህ። እባክህ ይህን ስንፍና ብለህ ራስህን አትውቀስ። በሳምንት ስድስት ቀን ክብደት የሚያነሳ ሰው ሰነፍ አይባልም። ሰውነትህ ያለፈው ሥራ ሳይወጣለት ሌላ እየተጫነበት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቀላል ሳምንት ውሰድ። ጂም ሂድ፣ ግን ዙሩን በግማሽ ቀንስ፣ ክብደቱንም ትንሽ አውርድ። ሦስት ድግግሞሽ የሚቀርህ ሲመስልህ ብረቱን መልስ። አሰልቺ ይሆንብሃል፣ ታገሠው።

ከዚያ ሰኞና ሐሙስ የላይኛው አካል፣ ማክሰኞና ዓርብ እግር። ለደረት በአንድ ቀን ስድስት ዙር፣ በሳምንት 12 ይሁን። ለጀርባም እንዲሁ። ስኳትና ዴድሊፍትን በአንድ ቀን ሁለቱንም አታክብዳቸው፣ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቅለል። እንደዚህ ስትሠራ እያንዳንዱ ጡንቻ አሁንም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሠራል። ያጎደልከው ነገር የለም።

የገነባሁት ይጠፋል ብለህ መፍራትህ ይገባኛል። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ እረፍት እየፈራሁ ስድስት ቀን ሠርቻለሁ፤ ትከሻዬ እያመመኝ እንኳ አላቆምኩም። ወደ አራት ቀን ስወርድ ወር ሳይሞላ ቆሞ የነበረው ቤንች ፕሬሴ መንቀሳቀስ ጀመረ። ያለህን ጡንቻ ይዞ ለመቆየት የሚያስፈልገው ሥራ፣ መጀመሪያ ለመገንባት ካስፈለገው በጣም ያነሰ ነው። በአንድ ቀላል ሳምንት ምንም አይሄድብህም።

አሁን በደብዳቤህ መጨረሻ በአንድ መስመር ስላለፍካቸው ሁለት ነገሮች። እኔን ከቀናቱ ይልቅ ያሳሰቡኝ እነሱ ናቸው።

አንደኛ፣ በሌሊት የምትተኛው አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልጋል። ማታ ከጂም በፊት የምትጠጣው የኃይል ዱቄትም ካፌይን አለው፤ ከጠጣኸው አምስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ እንኳ ግማሹ ደምህ ውስጥ ይቆያል። እሱን ተወው።

ሁለተኛ፣ ስብ ለመቀነስ ሁለት ወር ሙሉ ምግብ አሳንሰሃል። ብዙ እየሠሩ፣ ትንሽ እየበሉ፣ ትንሽ እየተኙ! ይህን ማን ይችለዋል? ለሁለት ሳምንት ያህል ክብደትህ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚቆይበትን መጠን ብላ። ሩዝም ይሁን ዳቦ አትፍራ። ለ78 ኪሎህ በቀን 125 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይበቃሃል።

ይህን ሁሉ አድርገህ ከሦስት ሳምንት በኋላም ድካሙ ካልለቀቀህ ሐኪም ጋ ሂድና ደም ተመርመር። የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር ልክ እንደዚህ ሊያደክም ይችላል። ኃይለኛ ማንኮራፋት ካለብህም ንገራቸው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቆራረጥ ሊሆን ይችላል። ደረትህን ካመመህ፣ ራስህን ከሳትክ ወይም ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንትህ እንደ ቡና ከጠቆረ ግን ሦስት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ቀን ሂድ።

ከቀላሉ ሳምንት በኋላ ማክሰኞ በ100 ኪሎ ስንት ስኳት እንደሠራህ ጻፍልኝ። ጠዋት ስትነሳ እንዴት እንደሆንክም ንገረኝ። እሱን አይተን ዙሮቹን አብረን እናስተካክላለን።