የእሑዱ ግማሽ ማራቶን፦ ስለ ፍጥነታችን፣ ስለ ዳገቱና ስለ ውሃ ማቆሚያዎቹ

የተከበራችሁ የቡድናችን ሯጮች፣

የፊታችን እሑድ ሱሉልታ ላይ የምንሮጠውን ግማሽ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ገደማ ለመጨረስ የተመዘገባችሁትን በአሯሯጭነት የምመራው እኔ ነኝ። በየትኛው ኪሎ ሜትር በምን ፍጥነት እንደምሄድ፣ ዳገቱ ላይ ምን ያህል እንደማቀዘቅዝና የት ቆመን እንደምንጠጣ አስቀድማችሁ ብታውቁ፣ ዕለቱን ከኋላዬ ስትሮጡ ግራ አትጋቡም። ስለዚህ መልእክቱን እስከ መጨረሻው እንድታነቡት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መነሻችን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ለማሟሟቅ ግን 12 ሰዓት ላይ እንገናኝ። መንገዱ ደርሶ መልስ ነው። የመጀመሪያው 6 ኪሎ ሜትር አስፋልት ሲሆን፣ ከባሕር ዛፉ በኋላ ወደ ውስጥ የሚገባው ኮሮኮንች ነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ 10 ኪሎ ሜትር ተኩል እናልፋለን፤ ከዚያ ዞረን በመጣንበት እንመለሳለን።

አማካይ ፍጥነታችን የውሃ ማቆሚያዎቹን ጨምሮ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በዚያ ሰዓት እንሮጣለን ማለት አይደለም። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ፣ መሀል አዲስ አበባ ላይ ቀላል የሚመስላችሁ ፍጥነት እዚያ ትንፋሽ ያሳጥራል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በ6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እሄዳለሁ። ጠዋት ብርዱ ስለሚያነቃቃ ብዙዎቻችሁ ይህ ፍጥነት እንደሚያንሳችሁ አውቃለሁ፤ ሆኖም ማንም ከፊቴ ወጥቶ ዙሩን እንዳያከር አደራ እላለሁ። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ኪሎ ሜትር መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ወደ 5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ እንገባለን፤ 5ኛውን ኪሎ ሜትር ስንጨርስ ሰዓታችን 30 ደቂቃ ገደማ ማንበብ አለበት።

ከሁሉም በላይ እንድታስቡበት የምፈልገው 7ኛውንና 8ኛውን ኪሎ ሜትር የሚይዘውን ዳገት ነው። በእኔ እምነት የእሑዱ ሩጫ የሚወሰነው እዚያ ነው። ዳገት ላይ እኩል መጠበቅ ያለብን ድካማችንን እንጂ ፍጥነታችንን አይደለም፤ በሜዳው የምናወጣውን ያህል ጉልበት ብቻ እያወጣን ከወጣን ፍጥነቱ በራሱ ይቀንሳል፣ መቀነሱም ትክክል ነው። ስለዚህ 7ኛውን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ20፣ 8ኛውን ደግሞ በ6 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ እወጣለሁ። ሰዓታችሁን እያያችሁ «ወደ ኋላ ቀረን» ብላችሁ እንዳትጨነቁ፣ ይህ መዘግየት ከመነሻው በዕቅዱ ውስጥ ገብቷል። መለኪያችሁ ትንፋሻችሁ ይሁን፤ አጠገባችሁ ላለው ሰው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካቃታችሁ ከአቅማችሁ በላይ እየወጣችሁ ነውና እርምጃችሁን አሳጥሩ። ዓይናችሁን ከጫማችሁ ላይ አንስታችሁ 10 ወይም 15 ሜትር ወደፊት ተመልከቱ፣ ክርናችሁንም ወደ ኋላ ሳብ ሳብ አድርጉት። ወገባችሁን ካጎበጣችሁ ደረታችሁ ይጨመቃል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ በደንብ መተንፈስ ከምንም በላይ ያስፈልጋችኋል።

ዳገቱን አልፈን ረጋ ያለው ቁልቁለት ሲመጣ (9ኛውና 10ኛው ኪሎ ሜትር ማለቴ ነው) ያጣነውን ሰከንድ በሙሉ ለማስመለስ አንሮጥም። ዳገት ላይ የሚጠፋ ጊዜ ሁሉ ቁልቁለት ላይ አይገኝም፤ ለማግኘት የሚሞክር ሰውም ጭኑን እየደበደበ ነው የሚወርደው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ከ16ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። እኔ እነዚህን ሁለቱን በ5 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ እወርዳለሁ። ድልድዩ ጋ የምንደርሰው በ1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ገደማ ነው።

ስንመለስ ያ ቁልቁለት ተገልብጦ ረጋ ያለ ዳገት ስለሚሆንብን በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ እንወጣዋለን። ትልቁን ዳገት ደግሞ አሁን እንወርደዋለን። ፍጥነታችን 5 ደቂቃ ከ35 ይሆናል፤ ከዚህ በላይ አልፈቅድም፣ ምክንያቱም ኮሮኮንቹ ላይ የላላ ጠጠር አለ። እርምጃችሁን አጭርና ፈጣን አድርጉ፣ ተረከዛችሁን ወደፊት ወርውራችሁ አትረፉ፣ በመካከላችሁም ሁለት ሁለት ሜትር ተዉ። 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሰዓት ተኩል ይሆነናል። ከዚያ አስፋልቱን በ5 ደቂቃ ከ50 ይዘን፣ የመጨረሻዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች በ5 ደቂቃ ከ45 እዘጋለሁ። ጉልበት የተረፈው ሰው ከእኔ ተለይቶ መውጣት የሚችለው እዚህ ነው፤ በደስታም እሸኘዋለሁ።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ የምናቆመው ሦስት ጊዜ ነው። ጠረጴዛዎቹ ሁለት ናቸው፦ አንዱ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ላይ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሌላው ድልድዩ ጋ። የወፍጮ ቤቱን ስንመለስም 15 ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ እናገኘዋለን። በዳገቱ መጀመሪያ ላይ ጠረጴዛ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦልኝ ነበር፤ አልተቀበልኩትም፣ ምክንያቱም ሆድ ውስጥ የሚንቦጫቦጭ ውሃ ይዞ ዳገት መጀመር ጎን ይወጋል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ከጠጣን ዳገቱ እስኪጀምር ግማሽ ኪሎ ሜትር ሜዳ አለን፣ ያ ይበቃል።

ወደ ጠረጴዛው 200 ሜትር ሲቀረን ቀኝ እጄን አንስቼ «ውሃ!» እላለሁ። በወፍጮ ቤቱ 30 ሰከንድ፣ በድልድዩ 45 ሰከንድ ያህል እየተራመድን እንጠጣለን። የጠረጴዛው መጀመሪያ ላይ አትረባረቡ፣ ኩባያዎቹ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ ተደርድረዋል። ኩባያውን ስትቀበሉ አፉን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ እንደ ጀበና አፍ ብታሾሉት ውሃው ደረታችሁ ላይ ሳይፈስ ትጠጡታላችሁ። በእያንዳንዱ ማቆሚያ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። ብርዱ ጥማትን ስለሚደብቅና ደረቁ አየር በትንፋሽ በኩል ውሃ ስለሚወስድ፣ «አልጠማኝም» ብላችሁ የመጀመሪያውን ማቆሚያ አትዝለሉ፤ በአንጻሩ ከመጠን በላይ መጠጣትም በደም ውስጥ ያለውን ጨው አሳጥቶ አደጋ ያመጣልና ልክ ይኑራችሁ።

ድልድዩ ጋ ከንጹሕ ውሃ ሌላ፣ በአንድ ሊትር 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ሎሚ የገባበት ብጥብጥ ይኖራል፤ ይህ በቢጫ ጀሪካን ውስጥ ያለው ነው። በልምምድ ጠጥታችሁት የማታውቁ ሰዎች እሑድ ዕለት አትሞክሩት፣ ውሃው ይበቃችኋል።

አስፋልቱ ላይ በግራ በኩል፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየን፣ ቢበዛ ሁለት ሁለት ሆነን እንሮጣለን፤ አይሱዙዎቹ በዚያ ሰዓትም አይጠፉም። የቡድኑን ጭራ የሚይዝ ብርቱካናማ ካናቴራ የለበሰ ወንድማችን አለ። ዳገቱ ላይ ከእኔ ብትርቁ እኔን ለመያዝ አትሩጡ፤ እርሱ የሚሄደው ከእኔ በኪሎ ሜትር 15 ሰከንድ ዘግይቶ ነውና ከእርሱ ጋር ሁኑ። የደረት ሕመም ወይም የማዞር ስሜት የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ይቁም፣ ለእኛም ይንገር፤ ጭራ ላይ የሚከተል መኪና አለን።

የኩባያውን ቁጥር ዓርብ ማታ ስለምንዘጋ፣ ሐሳባችሁን የቀየራችሁ ወይም ሰው ይዛችሁ የምትመጡ እስከዚያው አሳውቁኝ። ላባችሁ ሳይደርቅ የምትቀይሩት ደረቅ ልብስና ጃኬት በመኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ስማችሁን ከረጢቱ ላይ ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ቡድን አሯሯጭ