የ9ኛ ክፍል አማርኛ የዕርማትና የግብረ መልስ ዕቅድ

ድሬዳዋ፣ የ2018 ዓ.ም. 1ኛ ሴሚስተር
ክፍሎች፦ 9ኛ ሀ እና 9ኛ ለ፣ በድምሩ 112 ተማሪዎች
የሚቀርበው፦ ለቋንቋ ትምህርት ክፍል ተጠሪ

ይህ ዕቅድ የተማሪዎቹ ጽሑፍ መቼ እንደሚታረም፣ ምን ዓይነት አስተያየት እንደሚጻፍበትና የትኛው ሥራ ማርክ ዝርዝር ላይ እንደሚገባ ይወስናል። መነሻው አንድ ነው፦ ተማሪው ገና እየሠራው ያለ ጽሑፍ አይመዘገብም፣ የተመዘገበ ጽሑፍ ደግሞ ሥራው አብቅቷል። የመጀመሪያው ፎርማቲቭ ምዘና ሲሆን ሁለተኛው የማጠቃለያ ምዘና ነው። ተከታታይ ምዘና ብለን በየሳምንቱ የምንሰጣቸው ባለ 5 ነጥብ ፈተናዎች ውጤታቸው ተደምሮ ከተመዘገበና ማንም ተመልሶ ካላያቸው፣ ቢደጋገሙም እንኳ ተቆራርጠው የቀረቡ የማጠቃለያ ፈተናዎች ናቸው። በዚህ ሴሚስተር ስለዚህ ቁጥራቸው ይቀንሳል።

ከ100 የሚያዘው የማጠቃለያ ምዘና በአራት ይከፈላል። በኅዳር የሚሰጠው የንባብና የሰዋስው ፈተና 15፣ በታኅሣሥ የሚሰጠው የማዳመጥና የመናገር ምዘና 15፣ ተሻሽሎ የሚቀርበው ድርሰት 20፣ የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ደግሞ 50 ነጥብ ይይዛሉ። የድርሰቱ 20 ነጥብ ለሐሳብ 8፣ ለአንቀጽ አወቃቀር 6፣ ለዓረፍተ ነገር 4፣ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ 2 ተብሎ የሚከፋፈል ሲሆን ክፍፍሉ ተማሪዎቹ መጻፍ ከመጀመራቸው በፊት ሰሌዳ ላይ ይጻፍላቸዋል።

ፎርማቲቭ ምዘናው ነጥብ የለውም። ተማሪው በአንድ ርዕስ ሁለት ረቂቅ ይጽፋል፤ ረቂቆቹ ላይ ቁጥርም ሆነ «ጎበዝ» የሚል ቃል አይጻፍም። ሩት በትለር በ1988 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች ሲሻሻሉ፣ ማርክና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው ግን ያን ያህል አለመሻሻላቸው ታይቷል። በእኛም ክፍል ደብተር ሲመለስ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት አገኘህ?» የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ ኅዳግ ላይ ያለውን የሚያነብ ጥቂት ነው።

አስተያየቱ እንዴት እንደሚጻፍ በምሳሌ ላሳይ። አንድ ተማሪ ስለ ቀፊራ ገበያ «ገበያው ውስጥ ብዙ ሰዎች ነበረ፣ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ተቆጣ» ብሎ ቢጽፍ፣ «ነበረ» እና «ተቆጣ» በእርሳስ ይሰመርባቸውና ኅዳጉ ላይ «የእነዚህ ግሦች ባለቤቶች እነማን ናቸው?» ተብሎ ይጻፋል። ትክክለኛውን ቃል መምህሩ አይጽፍለትም፤ ቢጽፍለት ተማሪው መገልበጥ ብቻ ይቀረዋል። ቀጥሎ ስለ ሐሳቡ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ «ሴትዮዋ ለምን ተቆጣች? አንባቢው ይህን ማወቅ ይፈልጋል።» በአንድ ረቂቅ ላይ ከሁለት ጉዳይ በላይ አይነሳም፤ የቀሩት ስሕተቶች ለቀጣዩ ረቂቅ ይቆያሉ። አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ለፈቱ ተማሪዎች ይህ ገደብ በተለይ ያስፈልጋቸዋል፣ ገጹ ሁሉ ቀይ ሆኖ ሲመለስላቸው የቱን ቀድመው እንደሚያርሙ አያውቁምና።

112 ደብተር በየሳምንቱ ማረም አይቻልም፤ ይቻላል ብሎ ማቀድም ዕቅዱን ወረቀት ላይ ማስቀረት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ በአራት ምድብ ተከፍለው በሳምንት የ28 ተማሪዎች ረቂቅ ይነበባል። የቀሩት ሦስት ምድቦች በዚያ ሳምንት ጥንድ ጥንድ ሆነው የነጥብ ክፍፍሉን ይዘው እርስ በርስ ይተራረማሉ። በተጨማሪም በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀር፣ ሁሉም ተማሪ በቁራጭ ወረቀት ለአንድ ጥያቄ መልስ ጽፎ ይወጣል። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ከተሳሳተ የቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይቀየርና ያው ነጥብ በሌላ መንገድ እንደገና ይሰጣል፤ የተሳሳቱት ጥቂት ከሆኑ ግን በአጋዥ ትምህርት ሰዓት ይታያሉ።

ረቂቅ ያላቀረበ ተማሪ ማርክ አይቀነስበትም፣ ነገር ግን የመጨረሻውን ድርሰት ከማስረከቡ በፊት በአጋዥ ትምህርት ሰዓት ተቀምጦ ረቂቁን ይጽፋል። የኅዳሩ ፈተና በ7 ቀን ውስጥ ታርሞ ይመለሳል፣ ብዙ ተማሪ የሳተው ጥያቄም ተለይቶ ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ማጠቃለያ ምዘና ለማስተማር ሊያገለግል ይችላልና። ተቃራኒው ግን አይፈቀድም፦ በሴሚስተሩ መጨረሻ ውጤት የጎደለውን ተማሪ ለማሟላት ተብሎ የረቂቅ ደብተር ወደ ነጥብ አይለወጥም።

ማርክ ዝርዝሩ ለሮስተር ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የአራቱን ውጤቶች ድምር አይቶ ይፈርማል። ቅሬታ ያለው በ3 የትምህርት ቀናት ውስጥ የታረመውን ወረቀቱን ይዞ ለመምህሩ ያቀርባል፤ ካልተስማሙ ወረቀቱ በትምህርት ክፍሉ ሌላ መምህር በዚያው የነጥብ ክፍፍል እንደገና ይታረማል።