የፋሲካው የዶሮ ወጥ ቪዲዮ ከመለቀቁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ፋይል፦ doro_v4.mp4፣ ርዝመት 12:20፣ 1920×1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም
የሚለቀቀው፦ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት
የሚፈትሸው፦ ቪዲዮውን ኤዲት ያላደረገ ሰው፣ ማክሰኞ ጠዋት

ዩቲዩብ ላይ አንዴ የተጫነን ፋይል በሌላ ፋይል መተካት አይቻልም። ርዕስ፣ መግለጫ፣ ተምኔልና ለብቻው የሚጫን ሰብታይትል ከተለቀቀ በኋላም ይስተካከላሉ። ድምፅ፣ ጥቁር ፍሬምና ምስሉ ላይ የታተመ ጽሑፍ ግን አይስተካከሉም፤ ቪዲዮውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው ያለው፣ ያኔ ዕይታውም አስተያየቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሰዓታችሁን በሦስቱ ላይ አውሉት። ተምኔሉ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

☐ የምታዩት ኤክስፖርት የተደረገውን ፋይል ነው፣ ታይምላይኑን አይደለም። ታይምላይን ላይ ደህና የነበረ ነገር ኤክስፖርት ሲደረግ የሚበላሽበት ጊዜ አለ።
☐ ፎልደሩ ውስጥ doro_v3.mp4 ካለ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር። በችኮላ የድሮውን መጫን ከምንፈራው ሁሉ የቀረበው አደጋ ነው።
☐ አንድ ጊዜ ሳያቆሙ ከዳር እስከ ዳር ማየት። በዚህ ዙር ምንም አይስተካከልም፤ ቅር ያለው ቦታ ደቂቃውና ሰከንዱ ይጻፍና ይታለፋል።

ድምፅ

መጀመሪያ የድምፁን ከፍታ በቁጥር እንለካ፦

```
ffmpeg -hide_banner -i doro_v4.mp4 -vn -af ebur128=peak=true:framelog=verbose -f null -
```

☐ መጨረሻ ላይ ከሚወጣው ማጠቃለያ `I:` የሚለው ከ-15 እስከ -13 LUFS መካከል ይሁን። ዒላማችን -14 ነው። ዩቲዩብ ከዚህ የጮኸውን ወደ ታች ያወርደዋል፣ ዝቅ ያለውን ግን ከፍ አያደርግም። -20 ላይ የወጣ ቪዲዮ እንደዚያው ደክሞ ይቀራል፤ ተመልካቹ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ቀጥሎ የመጣው ማስታወቂያ ጆሮው ላይ ይፈነዳል።
☐ `Peak:` ከ-1 በላይ እንዳይሆን። ዜሮን የነካ ድምፅ ዩቲዩብ እንደገና ሲጨምቀው ይሰነጠቃል፣ በተለይ የማንኪያና የክዳን ኳኳታ።

ቁጥሩ ደህና ስለሆነ ድምፁ ደህና ነው ማለት አይደለም። መለኪያው የሚነግረን አማካዩን ነው፤ ወጡን የምትሠራው እንግዳችን የምትለው ይሰማ አይሰማ አያውቅም። የሚከተሉት በጆሮ ብቻ የሚታወቁ ናቸው።

☐ ከ02:40 እስከ 05:10፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ። የድስቱ ጭስስታ በጣም ሰፊ ድምፅ ነው፤ ሰ፣ ሽ፣ ጨ የሚባሉትን ድምፆች ከሚሸከመው ከፍተኛው ክልል ጋር ይጋፋል። ንግግሩን ከፍ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። እሷ ስትናገር የድስቱ ድምፅ ከ6 እስከ 8 ዲቢ ዝቅ ይበል፣ ዝም ስትል ይመለስ። ሙሉ በሙሉ ግን አይጥፋ፤ ያለዚያ ድስቱ እሳት ላይ ያለ አይመስልም።
☐ ከንግግር በታች ያለው ሙዚቃ ከንግግሩ ቢያንስ በ18 ዲቢ ያነሰ ይሁን። የቃል ግጥም ያለው ዘፈን ከሆነ ከናካቴው ይውጣ፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ተመልካቹ አንዱንም አይሰማም።
☐ የጆሮ ማዳመጫ ቀኙን ብቻ፣ ቀጥሎ ግራውን ብቻ አድርጋችሁ ስሙ። ደረት ላይ የሚሰካው ማይክ በአንድ ቻናል ስለሚቀዳ፣ ሳይስተካከል ካለፈ ንግግሩ በአንድ ጆሮ ይቀራል። አዳራሽ ውስጥ በትልቅ ስፒከር ኤዲት ሲደረግ ይህ ጨርሶ አይታወቅም።
☐ በስልክ ስፒከር፣ ድምፁ ግማሽ ላይ ሆኖ፣ መስኮት ተከፍቶ። አብዛኛው ተመልካች በዚህ ነው የሚሰማው። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጣ፣ በወፍራም ድምፅ የተሞላ ንግግር እዚያ ላይ ይሳሳል። ከዚህም ሌላ ሁለት ማይክ ተገላቢጦሽ ገብተው ከሆነ፣ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ሲደመር ተጣፍተው ንግግሩ ይጠፋል። በጆሮ ማዳመጫ ደህና ሆኖ በስልክ ከደከመ የመጀመሪያው ጥርጣሬያችሁ ይህ ይሁን።
☐ አፍና ድምፅ አብረው ይሄዳሉ? 00:20 ላይ ብቻ ሳይሆን 11:30 ላይም እዩ። የስልክ ካሜራ የፍሬም ፍጥነቱን እየቀያየረ ስለሚቀርጽ ድምፁ ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ መጀመሪያው ላይ የማይታይ ልዩነት መጨረሻው ላይ ይገለጣል።
☐ በሁለት ንግግር መሃል ፍጹም ጸጥታ እንዳይኖር። የኩሽናው ዝም ያለ ድምፅ ከሥር ካልተነጠፈ፣ ተመልካቹ ኔትወርኩ የተቋረጠ ይመስለዋል።

ጥቁር ፍሬም

አንድ ፍሬም ከ0.04 ሰከንድ አይበልጥም። ዓይን «ምን ነበር ያ?» ብሎ ያልፈዋል፣ ለይቶ ግን አያገኘውም። በዓይን አትፈልጉ።

```
ffmpeg -hide_banner -i doro_v4.mp4 -vf blackdetect=d=0.03:pix_th=0.10 -an -f null -
```

`d=0.03` መሆኑን አረጋግጡ። ካልተጻፈ መሣሪያው የሚፈልገው 2 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቆየ ጥቁር ብቻ ነው፤ እኛን የሚያሳስበንን ሁሉ ያሳልፋል፣ እናንተም «ንጹሕ ነው» ትላላችሁ።

☐ በዚህ ክፍል መውጣት ያለባቸው ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው፦ 06:40 አካባቢ (ወጡ እስኪበስል የጨለመበት፣ `black_start` 400 አካባቢ) እና የመጨረሻው መጥፊያ፣ 739 አካባቢ። ሌላ ሦስተኛ መስመር ከወጣ ስሕተት ነው።

v3 ላይ ያወጣው ይህን ነበር፦

```
black_start:257.48 black_end:257.52 black_duration:0.04
```

257 ሰከንድ ማለት 4 ደቂቃ ከ17 ነው፤ የቀረው 0.48 በ25 ሲባዛ 12 ይሆናል። ታይምላይኑ ላይ 04:17:12፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ያለ ቁርጥ። ሁለቱ ክሊፖች መሃል የአንድ ፍሬም ክፍተት ቀርቶ ነው። v4 ላይ መዘጋቱን እዚያው ቦታ ፍሬም በፍሬም እየሄዳችሁ እዩ።

ክፍተት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ክሊፕ ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ተስቦ ሳይገጥም ሲቀር ነው። ሌላው ምንጭ በሰከንድ 30 ፍሬም የተቀረጸ ክሊፕ በ25 ታይምላይን ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ጫፉ በፍሬም ድንበር ላይ አያርፍም። ፕሪሚየር ላይ የምትሠሩ `Sequence > Go to Gap > Next in Sequence` ቀጥታ ወደ ክፍተቱ ይወስዳችኋል።

☐ መሣሪያው የማያገኘው አለ፦ የተቆረጠው ክሊፕ ጅራት፣ አንድ ፍሬም ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ የሌላ ሥዕል። ጥቁር ስላልሆነ ዝም ይለዋል። እያንዳንዱ ቁርጥ ላይ ሁለት ፍሬም ወደፊት፣ ሁለት ፍሬም ወደኋላ። አሰልቺ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።
☐ ፋይሉ 12:20 ላይ ያበቃል። 14 ደቂቃ ከሆነ፣ ታይምላይኑ ጫፍ ላይ የተረሳ የሙዚቃ ቁራጭ አለ ማለት ነው፤ ቀሪው ባዶ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል።
☐ ከ12:00 እስከ 12:20 ያለው የመጨረሻ ገጽ ላይ ሌላ ቪዲዮ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ባዶ ናቸው፤ ጽሑፍም የእንግዳችን ፊትም አይሸፈንም።

ፊደል

ምስሉ ላይ የታተሙ 23 ጽሑፎች አሉ። የጻፋቸው ሰው አያንብባቸው፤ ዓይኑ ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አያይም። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ እያንዳንዱ ላይ አቁማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ።

☐ የተዋጠ አናባቢ። በላቲን ቁልፍ ስንጽፍ የመጨረሻዋ አናባቢ ካልተነካች ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል፦ «ቅቤ» «ቅብ» ይሆናል፣ «በርበሬ» «በርበር»። «ቅብ» ራሱ ቃል ስለሆነ ማንም ፕሮግራም ቀይ አያሰምርበትም።
☐ አንድ ቃል፣ አንድ አጻጻፍ። በዚህ ተከታታይ የምንጠቀምበት፦ እንቁላል፣ ሰዓት፣ ኮረሪማ፣ ሽንኩርት፣ ድምፅ፣ ዓመት። «ዕንቁላል» ስሕተት ስለሆነ አይደለም የተተወው፤ አንዱ ካርድ ላይ በ«ዕ»፣ ሌላው ላይ በ«እ» ሲሆን ግድየለሽነት ስለሚመስል ነው።
☐ የእንግዳችን ስም ከፈረመችበት የስምምነት ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል። በሐመሩ «ሐ» ይሁን በሃሌታው «ሀ» የሚወስነው ባለቤቷ ናት፣ የእኛ ደንብ እዚህ አይሠራም።
☐ አራት ነጥብ «።» እንጂ ሁለት ጊዜ የተመታ «፡፡» አይሁን። መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ ተሰንጥቆ ግማሹ ቀጣዩ መስመር ላይ ይወርዳል።
☐ መጠን፦ የተጻፈውና የተነገረው አንድ ነው? 05:22 ላይ የምትለው «አንድ ኩባያ ተኩል በርበሬ» ነው። ካርዱ ላይ «ስኒ» ተጽፎ እንዳይሆን፤ በቡና ስኒ የለካ ሰው ወጡ ይነጣበታል። 12 ብልት፣ 12 እንቁላል፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት፦ ሦስቱም መግለጫው ውስጥ ካለው ጋር ይመሳከሩ። ፊደል ቢሳሳት ይሳቅብናል፣ መጠን ቢሳሳት ግን የሰው የበዓል ወጥ ይበላሻል።
☐ ፎንቱ ራሱ። ፕሮጀክቱ በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ኤክስፖርት ከተደረገ የግዕዙ ፎንት እዚያ ላይኖር ይችላል፤ ባዶ አራት ማዕዘን ይወጣል፣ ወይም ፎንቱ ሳይታወቅ ይቀየራል። ደማቅ ቅርጽ የሌለው ፎንት በግድ ሲደምቅ ደግሞ የ«ጨ»ና የ«ቋ» ቀዳዳዎች ይደፈናሉ።
☐ ከታች 10 በመቶ የሚሆነው የምስሉ ክፍል ላይ ጽሑፍ የለም። እዚያ የማጫወቻው መስመርና ሰብታይትሉ ይመጡበታል።

ተምኔል

☐ 1280×720፣ JPG፣ ከ2 ሜጋባይት በታች።
☐ ከታች በቀኝ ጥግ ምንም የለም። «12:20» የሚለው እዚያ ይለጠፋል።
☐ ጽሑፉ ከአራት ቃል አይበልጥም፤ ፊደሉ እንደ ካርዶቹ ተፈትሿል። ትልቁ ፊደል ላይ ያለ ስሕተት ነው ማንም ሳያየው የሚያልፈው።
☐ ስልክ ላይ፣ በዝርዝር መሃል በትንሹ ሲታይ ምን እንደሆነ ይለያል። የዶሮ ወጥ ቀለም ጥቁር ቀይ ነው፤ ሲያንስ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ብርሃኑ ከፍ ይበል፣ የተላጠው እንቁላል ፊት ለፊት ይምጣ፣ ነጩ ዓይን ይይዛል።
☐ «ለፋሲካ» የሚለው ቃል ጎልቶ ይታይ። ሳምንቱ የጾም ነው፤ የዶሮ ሥዕል ያለ ምክንያት የተለቀቀ እንዳይመስል።

መጫንና ሰዓት

☐ ማክሰኞ ማታ በ`Private` ይጫን። `Checks` የሙዚቃ ባለቤትነት ጥያቄ ካለ እዚያ ያሳያል፤ ዝቅተኛው ጥራት ቀድሞ ይደርሳል፣ 1080 ግን ዘግይቶ ስለሚመጣ ሳይደርስ መልቀቅ የለም።
☐ ምዕራፎቹ፦ የመጀመሪያው 0:00፣ ቢያንስ ሦስት፣ አንዱም ከ10 ሰከንድ ያላነሰ። አንዱ ከጎደለ ሁሉም አይታዩም።
☐ መልቀቂያው `19:00` ተብሎ ይሞላ። በእኛ አቆጣጠር አስቦ `1:00` የጻፈ ሰው ቪዲዮውን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይለቀዋል። 19:00 በዋሽንግተን እኩለ ቀን ነው፣ የዚያው አገር ተመልካቾቻችን የምሳ ሰዓት።

ከተለቀቀ በኋላ ስሕተት ከተገኘ፦ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ይተው። መጠን ከሆነ እርማቱ የመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ፣ አስተያየት ሆኖም ከላይ ይሰካ። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነና ገና አንድ ሰዓት ካልሞላው፣ ሳያመነቱ ወደ `Private` መልሶ v5 መጫን።