መሥራቿ፦ ከመቂ ማሳ እስከ አትክልት ተራ

መቂ ነው ያደግኩት። አባቴ ቲማቲም አምራች ነበር። አይሱዙው ሳይመጣ ባደረ ቁጥር ከሳጥኑ ግማሹ ፈስሶ ሲጣል እያየሁ ነው ነፍስ ያወቅኩት። ዛሬ መቂና ዓለም ጤና ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ሁለት የማቀዝቀዣ ክፍሎች አሉን። ከእናንተ የምንፈልገው ገንዘብ ሦስተኛውን ባቱ ላይ ለመትከል ነው።

በ2005 ዓ.ም. ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመረቅኩ። ከዚያ ባቱ አንድ አበባ እርሻ ውስጥ አራት ዓመት የማቀዝቀዣ ክፍል ጥገና ላይ ሠራሁ። ጽጌረዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ቲማቲም ግን ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆይ ብርዱ ራሱ ይጎዳዋል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ስለዚህ የአበባውን ክፍል እንዳለ ወስዶ ለቲማቲም ማዋል አይሆንም። የእኛዎቹ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ይይዛሉ፤ ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ድርጅቴን በ2009 ከፈትኩ። ሥራው ለገበሬና ለነጋዴ የፕላስቲክ ሳጥን ማከራየት ነበር፣ ምክንያቱም የእንጨቱ ሳጥን ቲማቲሙን እየወጋ ያበላሸዋል። በ400 ሳጥን ጀምረን 6,200 ደረስን። በ2012 በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ነጋዴው ተበተነ፣ የትኛው ሳጥን ማን ጋ እንዳለ ማወቅ አቃተን። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር ሰጥተን በሁለት ወር ውስጥ አብዛኛውን አስመለስን። በ2013 ድርጅቱን በ2.1 ሚሊዮን ብር ሸጥኩት። እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ሁለተኛው አልተሳካም፣ ይህንንም ከእኔ ስሙት። የጭነት መኪናና ነጋዴን በስልክ የምናገናኝበት ሥራ ነበር፤ 140 አይሱዙ መዝግበን ነበር። ግን ሹፌሩና ነጋዴው አንዴ ከተዋወቁ በኋላ ቀጥታ ይደዋወላሉ፣ ለእኛ ኮሚሽን የሚከፍልበት ምክንያት አይኖርም። በ19 ወሩ ዘጋሁት። የ11 ሠራተኞችን ደመወዝ እስከ መጨረሻው ከፍዬ፣ የቀረውን 640,000 ብር ለባለሀብቶቹ መለስኩ። ከእነሱ አንዱ በዚህኛውም ዙር ገብተዋል።

የአሁኑ ሥራ የተቀረጸው ከዚያ ነው። ማገናኘት ላይ ገንዘብ አንጠይቅም። ገበሬው ለሳጥን በቀን ይከፍላል፣ ክፍያው በቴሌብር ነው፣ ቲማቲሙ ከክፍሉ የሚወጣው ከተከፈለ በኋላ ነው። ሁለቱም ክፍሎች እያንዳንዳቸው 300 ሳጥን ይይዛሉ፣ በምርት ወቅት ቦታ ያጣ ገበሬ እየመለስን ነው። ዋጋ ሲወድቅ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት መቻል ለገበሬው ምን ማለት እንደሆነ ከአባቴ ቤት አውቀዋለሁ።

ከራሴ 1.8 ሚሊዮን ብር አስገብቻለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም። የገበሬዎቹን፣ የሳጥን ድርጅቱን የገዙትን ነጋዴና የቀድሞ ባለሀብቶቼን ስልክ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ይዤላችኋለሁ። እኔ በሌለሁበት ደውላችሁ ጠይቋቸው።