ለእታለም፦ ከ52ቱ እሑዶች የቁጠባ መልእክቶች

1ኛ ሳምንት፣ መስከረም 4 ቀን 2018

እታለም፣ እንኳን አደረሰሽ። የዕንቁጣጣሽ ዕለት ረከቦቱ ላይ ሆነሽ "ዘንድሮስ ፍሪጅ ሳልገዛ አልቀርም" ያልሽውን ይዤዋለሁ። ፒያሳ ገብተን ያየነው 60,000 ብር ነው፤ ለጫኝ 300 ጨምሪበት። 60,300 ብር ሲባል ያስፈራል። እኔም አብሬሽ ደንግጫለሁ፣ ግን ማታ ቁጭ ብዬ በሳምንት በሳምንት ስከፋፍለው ሌላ መልክ ያዘ።

በሳምንት 1,200፣ በቀን 200 ነው፤ እሑድን አልቆጠርሁትም። 200 ብር ማለት ደግሞ በ20 ብር ሒሳብ 10 ሲኒ ነው። አንቺ ጠዋት ለማራኪ ግቢ ተማሪዎች የምታቀርቢው የመጀመሪያው ጀበና 10 ሲኒ ይወጣዋል። ስለዚህ አቦሉ የፍሪጁ ይሁን። ከሰሉም፣ ስኳሩም፣ የቤት ኪራዩም ከቶናውና ከበረካው ይውጣ። የአቦሉን ብር ከሌላው ጋር ሳትቀላቅይ እዚያ አሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ ክተቺው።

ዓመቱን ሁሉ ግን እኩል አላደረግሁትም። ለገናና ለጥምቀት 3 ሳምንታት 3,000 3,000 ጥያለሁ። የፋሲካን ሳምንት ባዶ ተውሁልሽ። ተማሪው ሲበተንና ዝናቡ ሲከብድ ደግሞ 500 ብቻ። ሲደመር 60,300 ይመጣል፤ ሁለቴ ደምሬዋለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እሑድ ማታ 1 ሰዓት ላይ ጣሳውን ቆጥረሽ ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ። ሰኞ ጠዋት ባንክ ታስገቢዋለሽ፤ ለዚህ ሒሳብ የኤቲኤም ካርድ አታውጪለት። ዕቁብ ጥለሽ የማታውቂበት ሳምንት የለም አይደል? የሚጠብቅሽ ሰው ስላለ ነው። ለዚህኛው የምጠብቅሽ እኔ ነኝ።

የበዓሉን ገበያ 1,200 ስላስቀመጥሽ የዛሬው ተጥሏል። ድምር 1,200።

2ኛ ሳምንት፣ መስከረም 11

1,200 ደርሶኛል። ድምር 2,400። ረቡዕ አልፌ ሳይሽ ጣሳውን ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አየሁት። ወደ ውስጥ ግፊው፣ እታለም፤ ዓይን ያየውን እጅ ይፈልገዋል።

3ኛ ሳምንት፣ መስከረም 18

700 ነው ያልሽኝ። ደመራው ዓርብ፣ መስቀሉ ቅዳሜ ውሎ ሁለት ቀን ሥራ አልነበረም፤ ቤትሽም እንግዳ ነበረ። 500 ጎደለ።

በሚመጣው ሳምንት 1,700 አምጪ አልልሽም። እንደዚያ ያልሁሽ እንደሆነ እሱም ይጎድላል፣ ከዚያ ወዲያ እኔን ማየት ትጠያለሽ። 500ን ለ5 ሳምንት በትኜዋለሁ፤ እስከ ጥቅምት 23 በሳምንት 1,300 ይሁን። በቀን ሲታይ አንድ ሲኒ እንኳ አይሞላም። ድምር 3,100።

8ኛ ሳምንት፣ ጥቅምት 23

የመስቀሉ ጉድለት ዛሬ ተዘጋ! 9,600። ልክ በዕቅዱ ላይ ነሽ። ከሚቀጥለው ጀምሮ ወደ 1,200 ተመለሺ።

10ኛ ሳምንት፣ ኅዳር 7

12,000። ከፍሪጁ አምስት አንዱ ያንቺ ሆነ። በሩ ያንቺ ነው በይው።

11ኛ ሳምንት፣ ኅዳር 14

እታለም፣ ልጁ እንዴት አደረ? ትኩሳቱ ለቀቀው? ነገ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ፤ አጥሚት ይዤ እመጣለሁና አንቺ አትድከሚ።

3,000 ብር አወጣሁበት ብለሽ ስትጽፊ ይቅርታ መጠየቅሽ ከነከነኝ። ልጅ ታሞ ክሊኒክ ሲገባ ከጎረቤት ሳትበደሪ፣ ወርቅሽን ሳታስይዢ ከፈልሽ። አምና በዚህ ጊዜ የሆነውን ታስታውሻለሽ፤ ያኔ የአራጣውን ዕዳ እስከ ግንቦት ነው የገፋሽው። ስለዚህ ይህን እንደ ውድቀት አትቁጠሪው።

ሒሳቡን ዛሬ አንነካውም። ለመዝገብ ያህል፦ በእጅሽ 9,000 አለ።

12ኛ ሳምንት፣ ኅዳር 21

ልጁ ትምህርት ቤት መመለሱን ሰማሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። 1,200 ማምጣትሽ ደግሞ አስገረመኝ። ድምር 10,200።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከዕቅዱ 4,200 ወደ ኋላ ቀርተናል። ግማሹን ጥምቀት ይሸከመው፦ በነዚያ 3 ሳምንታት ከ3,000 ይልቅ 3,700 ይሁን። የቀረውን 2,100 ከጥምቀት በኋላ በሳምንት 100 100 እንመልሰዋለን። እስከዚያ 1,200 ብቻ፣ ምንም አትጨምሪ።

14ኛ ሳምንት፣ ታኅሣሥ 5

3 ሰዓት ሆነ፣ ቁጥርሽ አልመጣም። ባዶ ከሆነ "0" ብለሽ ጻፊልኝ፤ ለ0 መልስ አላጣለትም። የሚያሳስበኝ ዝም ስትዪ ነው።

(ከ20 ደቂቃ በኋላ) እሺ፣ 1,200። ስልክሽ ቻርጅ ጨርሶ ከሆነ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ሰኪው እንጂ! ድምር 12,600።

17ኛ ሳምንት፣ ታኅሣሥ 26

16,200። ረቡዕ ገና ነው። ለዶሮውና ለቅቤው የመደብሽውን አሁኑኑ ለይተሽ በፖስታ አድርጊው፤ ያ ከተለየ ጣሳው አይነካም። የምልሽ ይኸው ነው፤ መልካም በዓል።

19ኛ ሳምንት፣ ጥር 10፣ ከተራ

ባለፈው 2,000፣ ዛሬ 3,700። ድምር 21,900።

ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ በአንቺ በኩል ያለፈውን ሰው አየሁት፤ በርጩማ ጠፍቶ ቆሞ የሚጠጣ ነበረ። ነገም ከነገ ወዲያ ሚካኤልም እንደዚሁ ነው። ማታ ደክሞሽ መቁጠር ካቃተሽ አትቁጠሪ። ግን ጀበናው ከመታጠቡ በፊት የአቦሉን ለይተሽ ጣሳው ውስጥ ጣዪ። ስኳርና ቡና እንዳያልቅብሽ ዛሬ ማታ አምጥቼ በር ላይ አስቀምጣለሁ።

20ኛ ሳምንት፣ ጥር 17

6,100! ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በሦስቱ ሳምንት 11,100 ነበር የጠበቅነው፣ አንቺ 11,800 አመጣሽ። ድምር 28,000።

ከኋላ የቀረው ዕዳ 1,400 ብቻ ሆነ፤ በሳምንት 100 ጨምረሽ በ14 ሳምንት ያልቃል። ከዛሬ ጀምሮ 1,300።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሰው ጥሩ ገበያ ሲያይ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘናጋል፣ እኔም ደሞዝ ሲጨመርልኝ የሆንሁት ነው። የሚመጣው እሑድ 1,300 ከዚህ 6,100 አይተናነስብኝም።

26ኛ ሳምንት፣ የካቲት 29

የዓመቱ እኩሌታ ላይ ነን፤ ገንዘቡ ግን ከእኩሌታ አልፏል። 35,800 ገብቷል፣ 24,500 ቀርቷል።

ጾሙ ከገባ ጀምሮ የጠዋቱ ደንበኛ ሳስቷል ብለሽኛል። ልክ ነሽ፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው ሰው ጠዋት ሲኒ አያነሣም። እንግዲያው በጾም አቦሉን ወደ 9 ሰዓት እናዙረው። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሽሮ በልቶ ቡና የሚያምረው ያኔ ነው። የፍሪጁ ጀበና የ9 ሰዓቱ ይሁን፤ ሌላው አይለወጥም።

ደግሞ ፒያሳ ስትወጪ ዋጋውን ጠይቂ። ዕቃ በየወሩ ይጨምራል፤ እኛ ስንደርስ እሱ እንዳይሸሽ ቀብድ ይቀበሉ እንደሆነ በወሬ መካከል ጣል አድርጊላቸው።

31ኛ ሳምንት፣ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ዛሬ ቁጥር አልጠይቅም፣ ባዶ ሳምንትሽ ነው። ድምር 41,000 ላይ ነው፣ እዚያው ይቆይ። እንኳን አብሮ አደረሰን። ዶሮው ላይ ጠብቂኝ።

35ኛ ሳምንት፣ ግንቦት 2

46,200። የኅዳሩ ጉድለት ዛሬ ሙሉ በሙሉ ተከፈለ። ያንን ማታ፣ ልጁን ታቅፈሽ "አሁንስ አበቃለት" ያልሽውን አልረሳሁትም። አላበቃለትም፣ እታለም። ከሚቀጥለው ወደ 1,200።

43ኛ ሳምንት፣ ሰኔ 28

55,800። ነገ አብረን ፒያሳ እንሄዳለን። ባለ ሱቁ ዋጋውን በ60,000 ለመያዝ 20,000 ቀብድ ብሏል። ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍበት፦ የፍሪጁ ሞዴል፣ ሙሉ ዋጋው፣ የምንረከብበት ቀን። ያለዚያ ብሩን አትስጪ፣ እኔም አላስሰጥሽም።

ከዚያ በኋላ ባንክ የሚቀርሽ 35,800 ነው፤ ቁጥሩ ወረደ ብለሽ እንዳትደነግጪ። መክፈል የሚቀርሽ ከጫኙ ጋር 40,300፣ የሚጎድልሽም 4,500 ብቻ ነው። 9 ሳምንት፣ በ500። ተማሪው ሄዷል፣ ዝናቡም ሸራውን እያንጠባጠበው ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጠይቅሽም። በቀን 4 ሲኒ ቢሆን ነው፣ ከ5 አያልፍም።

48ኛ ሳምንት፣ ነሐሴ 3

500። የቀረው 2,000። ፍልሰታ ስለሆነ እንደ ዓቢይ ጾሙ የ9 ሰዓቱን ጀበና አትርሺ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጃንጥላውን አጥፎ የሚያርፈው አንቺ ጋ ነው።

51ኛ ሳምንት፣ ነሐሴ 24

500 ቀረ። አንድ ሳምንት።

የሚቆምበትን ቦታ ለክተሽ ላኪልኝ። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲቆም ከጀርባው ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ከከሰል ምድጃውም ይራቅ። ሶኬቱን የሚያየው ኤሌክትሪሻን ሐሙስ ይመጣል፤ የእሱን እኔ ከፍያለሁ፣ አትከራከሪኝ።

52ኛ ሳምንት፣ ጳጉሜ 1

500 ደርሶኛል። 60,300።

እታለም፣ ነገ ባንክ ሲከፈት እዚያው በር ላይ እንገናኝ፤ 40,000ውን ለባለ ሱቁ ከፍለን ደረሰኙን እንቀበላለን። መኪናው 5 ሰዓት አንቺ ጋ ይደርሳል። 300ውን ለጫኙ በእጅሽ ያዢው። ሲያወርዱት ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ መንገድ ላይ አጋድመውት ከሆነ እስከ ማታ ሳይሰካ ይቁም። ልጁ ቶሎ ሰኩት እያለ ያስቸግርሻል፣ እኔ እይዘዋለሁ።

ጣሳውን አጥበሽ አስቀምጪልኝ።