የዕለት ትምህርት ዕቅድ፦ ዝናቡ ደንገጎ፣ ጎርፉ ደቻቱ

የትምህርት ዓይነት፦ አካባቢ ሳይንስ
ክፍል፦ 6ኛ «ለ»፣ 54 ተማሪ
ቦታ፦ ድሬዳዋ፣ የጠዋት ፈረቃ
ቀን፦ ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ክፍለ ጊዜ፦ 1ኛ እና 2ኛ ተያይዘው፣ ከ2፡10 እስከ 3፡30 (80 ደቂቃ)
ዋና ርዕስ፦ የተፈጥሮ አደጋዎች
የዕለቱ ርዕስ፦ ጎርፍ እንዴት ይፈጠራል? ድንገት ሲመጣስ ምን እናደርጋለን?

ርዕሱ ለምን አስፈለገ?

ልጆቻችን ደቻቱን በየቀኑ ይሻገራሉ። ከዚራ የሚኖረው መጋላ ይመጣል፣ መጋላ የሚኖረው ከዚራ ይሄዳል። ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ወንዙ አሸዋ ነው። ኳስ ይጫወቱበታል፣ አቋራጭ ያደርጉታል። ስለዚህ ብዙዎቹ «ጎርፍ የሚመጣው እኛ ላይ ሲዘንብ ነው» ብለው ያስባሉ። ድሬዳዋ ላይ ይህ ሐሳብ አደገኛ ነው። ውሃው የሚመጣው ከደቡብ፣ ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ነው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። የዛሬው ትምህርት ዋና ጉዳይ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ለዚህ ማስረጃ ነው።

የበልጉ ዝናብ ከመበርታቱ በፊት ማስተማር ስላለብን ርዕሱን ከመጽሐፉ ቅደም ተከተል አስቀድሜዋለሁ። ለምክትል ርዕሰ መምህሩም አሳውቄያለሁ።

ዝርዝር ዓላማዎች

ከትምህርቱ በኋላ ተማሪዎች፦

1. ድሬዳዋ ሳይዘንብ ደቻቱ ለምን ሊሞላ እንደሚችል ሥዕል ሠርተው ያስረዳሉ።
2. የተራቆተ አፈርና ሣር ያለው አፈር ላይ የሚፈሰውን ውሃ ለክተው ያወዳድራሉ፣ ልዩነቱን በመቶኛ ያሰላሉ።
3. ጎርፍ መምጣቱን የሚያሳውቁ ቢያንስ ሦስት ምልክቶችን ይናገራሉ።
4. ወንዙ ውስጥ ወይም ዳር ሳሉ ጎርፍ ቢመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ይወስናሉ።

አስቀድሞ የሚዘጋጅ (ሰኞ ከሰዓት)

- 12 ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጎናቸው በረጅሙ ተቆርጦ የተከፈተ። ምላጩን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ልጆች አይቆርጡም። አፋቸው ክፍት ይሁን፣ ውሃው የሚወጣው በዚያ ነው።
- 6 ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ፣ ክዳናቸው በሚስማር የተበሳ። ዝናብ የምናዘንበው በእነዚህ ነው።
- 12 የፕላስቲክ ኩባያ፣ 6 ድንጋይ ወይም ጡብ።
- ሚሊ ሊትር የተጻፈባቸው 6 ጡጦዎች። መለኪያ ሲሊንደር ከቤተ ሙከራ ለማምጣት መሯሯጥ አያስፈልግም፣ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላቸው ልጆች ያመጣሉ።
- ደረቅ አፈር፣ እና ከቧንቧው አጠገብ ከነሥሩ የተነሳ ሣር።
- አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ። ቧንቧው ማክሰኞ ጠዋት ላይኖር ስለሚችል ሰኞ ይሞላ። ሙከራው የሚፈልገው 7 ሊትር እንኳ አይሞላም፣ የቀረው ለእጅና ለወለል ነው።
- አንድ ፌስታል፣ ጠመኔ፣ ማርከር፣ የተቆራረጠ ወረቀት።

የትምህርቱ ሂደት

| ደረጃና ደቂቃ | ዓላማ | የመምህሩ ተግባር | የተማሪዎች ተግባር | መርጃ |
|---|---|---|---|---|
| መግቢያ፣ 8 ደቂቃ (2፡10–2፡18) | ያላቸውን ግምት ማውጣት | «ትናንት ድሬዳዋ ላይ ጠብታ አልወረደም እንበል። ዛሬ ሌሊት ደቻቱ ሊሞላ ይችላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ትክክለኛውን መልስ አልናገርም። የእጅ ቆጠራውን ሰሌዳው ጥግ ላይ እጽፋለሁ፣ እስከ መጨረሻ አይጠፋም። | «ይችላል» ወይም «አይችልም» ብለው እጅ ያወጣሉ። ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ልጆች ምክንያታቸውን ይናገራሉ። | ሰሌዳ፣ ጠመኔ |
| ገለጻ፣ 12 ደቂቃ (2፡18–2፡30) | ዓላማ 1 | ከተራራ እስከ ሜዳ ያለውን ቁልቁለት በጎን እሥላለሁ። ደንገጎ ወደ 2,000 ሜትር፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር። ብዙ ጅረቶች ተገናኝተው አንድ ወንዝ እንደሚሆኑ አሳያለሁ። | ሥዕሉን ደብተር ላይ ይሠራሉ። የከፍታውን ልዩነት ያሰላሉ። ወደ ሐረር በመኪና የሄደ ልጅ መንገዱ ምን ያህል ዳገት እንደሆነ ይናገራል። | ባለ ሁለት ቀለም ጠመኔ |
| ዝግጅት፣ 7 ደቂቃ (2፡30–2፡37) | ቡድን ማደራጀት | 6 ቡድን፣ 9 ልጆች በቡድን። አፍሳሽ፣ ለኪ፣ ሰዓት ያዥ፣ ጸሐፊና ተናጋሪ እመድባለሁ። ሌሎቹ አፈሩን ይሞላሉ፣ ጠርሙሱን ይይዛሉ። | አንዱን ጠርሙስ በአፈር ሞልተው በእጅ ይጠቀጥቃሉ። ሌላኛው ላይ ሣሩን ከነሥሩ ይደለድላሉ። የሁለቱንም ጀርባ ድንጋይ ላይ ያስደግፋሉ። | ጠርሙስ፣ አፈር፣ ሣር፣ ድንጋይ |
| ሙከራ፣ 18 ደቂቃ (2፡37–2፡55) | ዓላማ 2 | እየዞርኩ ከፍታውና የውሃው መጠን እኩል መሆኑን አያለሁ። መጨረሻ ላይ እኔ ራሴ አፈሩን በፌስታል ሸፍኜ አንድ ጊዜ አፈሳለሁ፤ ይህ አስፋልትና ሲሚንቶ የበዛበት ሰፈር ነው። | በእያንዳንዱ ላይ 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ከአንድ ስንዝር ከፍታ ያዘንባሉ። ፈሶ የወጣውን በኩባያ ይቀበላሉ፣ በጡጦ ይለካሉ። የውሃውን ቀለምም ይመዘግባሉ። | ኩባያ፣ ጡጦ፣ ጀሪካን፣ ፌስታል |
| ውጤትና ስሌት፣ 13 ደቂቃ (2፡55–3፡08) | ዓላማ 1 እና 2 | የስድስቱን ቡድን ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ እጽፋለሁ። «የፈሰሰው ÷ የዘነበው × 100» የሚለውን አሳያለሁ። ከዚያ የሰዓቱን ስሌት እሰጣለሁ (ከታች)። | መቶኛ ያወጣሉ። ልዩነቱ ለምን እንደመጣ ተናጋሪዎች ያስረዳሉ። | ሰሌዳ፣ ደብተር |
| ደህንነት፣ 12 ደቂቃ (3፡08–3፡20) | ዓላማ 3 እና 4 | ሦስት ሁኔታዎችን አነባለሁ (ከታች)። መልስ ሲሰጡ «መጀመሪያ ምን?» እያልኩ አጠብቃለሁ። | ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወስናሉ፣ ከዚያ ለክፍሉ ይናገራሉ። | የሁኔታ ካርዶች |
| ግምገማ፣ 7 ደቂቃ (3፡20–3፡27) | ሁሉም | ሦስት ጥያቄ አጽፋለሁ። ወረቀት እሰበስባለሁ። የጠዋቱን ጥያቄ ደግሜ እጅ አስቆጥራለሁ። | ለየብቻ ይጽፋሉ። | ቁራጭ ወረቀት |
| ጽዳትና የቤት ሥራ፣ 3 ደቂቃ (3፡27–3፡30) | | የቤት ሥራውን እናገራለሁ። | አፈሩን ወደ ግቢ ይመልሳሉ፣ ጠርሙሱን ይሰበስባሉ። | |

ስለ ሙከራው

ሣሩ ደርቆ የሞተ ከሆነ ልዩነቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አረንጓዴ ይሁን። አፈሩም ደረቅ ሆኖ ዱቄት ከሆነ የመጀመሪያውን ውሃ ይጠጣና ልጆቹን ያሳስታል። መጠቅጠቅ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ከብትና ሰው የረገጠው፣ ዛፉ ያለቀበት ዳገት እንደዚያ ነው።

የአንድ ቡድን ጠርሙስ ተገልብጦ ከፈሰሰ እንደገና ለመሥራት ጊዜ የለም። ይህን የምሳሌ ቁጥር ይውሰዱ፦ ከተራቆተው 310 ሚሊ ሊትር፣ ከሣሩ 90 ሚሊ ሊትር። መቶኛው 62 እና 18 ይመጣል።

ቀለሙ አይዘለል። ከተራቆተው የወጣው ቡኒ ይሆናል። ደቻቱ ሲሞላ የምናየው ቀለም ያ ነው፣ የተራራው አፈር ማለት ነው። «ታዲያ አሸዋው ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። ይህ ጥያቄ ከተነሳ ሁለት ደቂቃ ከስሌቱ ላይ ቀንሼ እሰጠዋለሁ፣ ያዋጣል።

የሰዓቱ ስሌት

ውሃው ከተራራው እስከ ከተማው 15 ኪሎ ሜትር ተጉዟል እንበል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 3 ሜትር ነው እንበል። ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

15,000 ÷ 3 = 5,000 ሴኮንድ። 5,000 ÷ 60 = 83 ደቂቃ ገደማ።

ቁጥሮቹ ለልምምድ የተመረጡ ናቸው፣ ይህንን ለልጆቹ በግልጽ እነግራለሁ። «83 ደቂቃ አለኝ» ብሎ ወንዝ ውስጥ የሚቆይ ልጅ አልፈልግም። እንዲያዩት የምፈልገው በዝናቡና በጎርፉ መካከል ጊዜ መኖሩን፣ ደመናውም ተራራው ላይ ሊቀር እንደሚችል ነው።

የሁኔታ ካርዶች

*ካርድ 1።* አሸዋው ላይ ኳስ እየተጫወታችሁ ነው። ሰማዩ ንጹህ ነው። በደንገጎ በኩል ግን ጠቁሯል። ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ።
የሚጠበቅ መልስ፦ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት። ኳሱና ጫማው ይቅር። መውጫው ወደ ጎን፣ ወደ ዳር ነው፤ በወንዙ ቁልቁል መሮጥ ከውሃው ጋር መሽቀዳደም ነው።

*ካርድ 2።* ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ወንዙ ላይ ቀጭን ቡኒ ውሃ መፍሰስ ጀምሯል። ቅጠልና እንጨት ይዟል። አንድ ትልቅ ሰው «ገና ቁርጭምጭሚት ነው፣ ቶሎ እንሻገር» አለ።
የሚጠበቅ መልስ፦ አለመሻገር። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል። ዞሮ በድልድይ መሄድ፣ ድልድዩም ጋ ውሃው ከፍ ካለ መጠበቅ። እዚህ ላይ ልጆቹ «ትልቅ ሰውን እንዴት እምቢ ይባላል?» ማለታቸው አይቀርም። «ጋሼ፣ እኔ በድልድዩ እዞራለሁ» ማለትን እናለማመዳለን፣ ጮክ ብለው ይበሉት።

*ካርድ 3።* ሌሊት ነው። ቤታችሁ ወንዙ ዳር ነው። ጩኸት ተሰማ፣ ውሃ በበር ሥር ገባ።
የሚጠበቅ መልስ፦ ቤተሰብን መቀስቀስ፣ ታናናሾችን ይዞ ወደ ከፍታ መውጣት። እርጥብ ሆኖ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ገመድ አለመንካት።

ሦስተኛውን ካርድ በጥንቃቄ እይዘዋለሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ ማብቂያ የመጣው ጎርፍ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የደረሰው። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ልጆቹ ያኔ አልተወለዱም፣ ቤተሰቦቻቸው ግን ነበሩ። ማንንም «ከእናንተ ቤት ማን ሞተ?» ብዬ አልጠይቅም። በፈቃዱ የሚናገር ካለ እናዳምጣለን፣ ከዚያ ወደ ካርዱ እንመለሳለን። ፎቶ አላሳይም።

ለተለያዩ ተማሪዎች

- በቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገሩ ልጆች በጥንድ ሲወያዩ በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገሩ። የመጨረሻው መልስ ብቻ በአማርኛ ይሁን።
- ወቅቱ ረመዳንም ሁዳዴም ነው። ጾመኞቹን ውሃ በማመላለስ አላደክምም። ሙከራውን ወደ ጠዋቱ ያመጣሁትም ከሙቀቱ ጋር በዚህ ምክንያት ነው።
- ማየት የሚያስቸግራት ተማሪ ለኪው አጠገብ ትቀመጣለች፣ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል።
- ቶሎ የጨረሰ ቡድን፦ ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜትር ቢሆን ስንት ደቂቃ ይፈጃል? (125)

የግምገማ ጥያቄዎች

1. ድሬዳዋ ሳይዘንብ ደቻቱ ለምን ሊሞላ ይችላል? በሥዕል ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር። (4 ነጥብ)
2. ከቡድናችሁ ሁለት ጠርሙሶች ብዙ ውሃ የፈሰሰው ከየትኛው ነው? በመቶኛ ስንት? (3 ነጥብ)
3. ጎርፍ እየመጣ መሆኑን የሚያሳዩ ሦስት ምልክቶች ጻፉ። (3 ነጥብ)

ለ1ኛው ጥያቄ «ተራራው ላይ ስለሚዘንብ» ብቻ ያለ 2 ነጥብ ያገኛል። ውሃው በቁልቁለት ተሰብስቦ ወደ እኛ መውረዱን የጨመረ ሙሉውን ያገኛል። ከ54ቱ ከ15 በላይ ልጆች በ1ኛው ጥያቄ ከ2 በታች ካገኙ ሐሙስ አዲስ ርዕስ አልጀምርም፣ የቁልቁለቱን ሥዕል ግቢ ውስጥ በአፈር ክምር ሠርቼ እደግመዋለሁ።

የቤት ሥራ

ከቤታችሁ ወደ ትምህርት ቤት የምትመጡበትን መንገድ ሣሉ። ውሃ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች በሰማያዊ፣ ሮጣችሁ የምትወጡበትን ከፍታ ቦታ በቀይ አመልክቱ። ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ አሳይታችሁ አስፈርሙ። ሐሙስ ይሰበሰባል።

ጊዜ ካጠረ

የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ ከረዘመ የሚቀነሰው ገለጻው ነው፣ ከ12 ወደ 7 ደቂቃ። የሰዓቱ ስሌትም ለቤት ሊሰጥ ይችላል። ሙከራውና ካርድ 2 አይነኩም።