ለቀረበልኝ የቤት ኪራይ ጭማሪ የተሰጠ ምላሽ

ግንቦት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለክብርት ወ/ሮ ጥሩወርቅ አበራ
አዳማ

ጉዳዩ፦ በጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም የሚገኘውን ባለ ሁለት መኝታ ቤትዎን የኪራይ ጭማሪ ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በወረዳው ያስመዘገብነው የሁለት ዓመት ውል ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚያበቃ መሆኑን ገልጸው፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለሚታደሰው ውል ወርኃዊ ኪራዩ ከ11,000 ብር ወደ 19,000 ብር ከፍ እንዲል የጠየቁበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሐሳብዎን በስልክ ከመናገር ይልቅ ጊዜ ሰጥተው በጽሑፍ ስላሳወቁኝና የማስብበት ጊዜ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ እኔም ከባለቤቴ ጋር በሚገባ ከተመካከርንበት በኋላ መልሴን በዚሁ መልክ ማቅረቡን መርጫለሁ።

ጭማሪ መጠየቅዎ አላስገረመኝም፣ ተገቢ አይደለም ብዬም አልከራከርም። የብር የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቀለሙም፣ የቧንቧውም፣ የሠራተኛውም ዋጋ የት እንደደረሰ በየጊዜው በገዛ ኪሴ ያየሁት ነው፤ በደብዳቤዎ የጠቀሱት የባንክ ዕዳና የንብረት ግብርም የእርስዎ ሸክም መሆኑን እረዳለሁ። በዚሁ ሰፈር ተመሳሳይ ቤት ለአዲስ ተከራይ 18,000 እና ከዚያ በላይ እንደሚጠየቅበትም አውቃለሁ። ጥያቄዬ ጭማሪው እንዲቀር ሳይሆን፣ መጠኑ ሲወሰን በመካከላችን የቆየው ግንኙነት ከግምት እንዲገባ ነው። የ8,000 ብር ልዩነት የኪራዩን ሰባ ሦስት በመቶ ያህል በአንድ ጊዜ የሚጨምር ሲሆን፣ በግል ትምህርት ቤት መምህርነት የማገኘው የእኔ ደመወዝና በጤና ጣቢያ የምታገለግለው የባለቤቴ ደመወዝ በዚህ ፍጥነት አላደጉም።

ወደዚህ ቤት የገባነው በመስከረም 2010 ሲሆን ኪራዩ በወር 4,500 ብር ነበር። በ2013 ወደ 6,000፣ በ2015 ወደ 8,500፣ በ2016 ደግሞ ወደ 11,000 ብር ሲያድግ ሦስቱንም ጊዜ በመጀመሪያው ንግግራችን ተስማምተናል፤ አንድም ጊዜ ሽማግሌ ወይም ደላላ በመካከላችን ገብቶ አያውቅም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጠኑ ላይ ለመነጋገር መጠየቄ ከእነዚያ ስምምነቶች ጋር አብሮ እንዲታይልኝ እሻለሁ።

አከፋፈሉን በተመለከተ ውላችን ወር በገባ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ እንድከፍል ይፈቅድልኛል። እኔ ግን ደመወዝ ከወጣ በኋላ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈጽመው ክፍያ ኪራይ በመሆኑ፣ ገንዘቡ ወሩ ሳይገባ ወይም በገባ በመጀመሪያው ቀን በባንክ ሂሳብዎ ውስጥ ሲገባ ቆይቷል። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ደመወዜ በተቆራረጠበት ወቅት እንኳ ኪራዩን በወቅቱ የከፈልኩት ከቁጠባዬ ወጪ አድርጌ ነበር፤ ያን ጊዜ ቅናሽም ሆነ ፋታ አልጠየቅሁዎትም። የባንክ መግለጫዎቹን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በፋይል ስላስቀመጥኋቸው፣ ከፈለጉ ቅጂያቸውን ከዚህ ደብዳቤ ቀጥሎ እልክልዎታለሁ።

ከኪራዩ ውጪ ያለውንም ቢሆን እርስዎ አዳማ ስለሚኖሩ ሁሉንም ላያዩት ይችላሉ። ለጥበቃና ለጽዳት ለማኅበሩ የሚከፈለውን ወርኃዊ መዋጮ በራሴ እከፍላለሁ፤ ስብሰባ ሲጠራ እርስዎን ወክዬ እገኝና የተወሰነውን አሳውቅዎታለሁ። ውኃ በፈረቃ በመምጣቱ በረንዳው ላይ ያስቀመጥነውን ሮቶ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ቧንቧ ሲፈነዳም ታችኛው ጎረቤት ጉዳት ሳይደርስበት በዚያው ምሽት አሠርቻለሁ፤ ሁለቱንም ከኪራዩ እንዲቀነስልኝ አልጠየቅሁም፣ አሁንም አልጠይቅም። ይህን የምዘረዝረው ለውለታ ሳይሆን፣ አዲስ ተከራይ ሲገባ ከኪራዩ ልዩነት ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባውን ወጪና ድካም ለማስታወስ ነው። እርግጥ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቆይና የደላላና የቀለም ወጪ ቢታከልበት እንኳ እርስዎ የጠየቁትና እኔ የማቀርበው ዋጋ የሚኖራቸውን የዓመት ልዩነት ላይሸፍን እንደሚችል ራሴም አስልቼዋለሁ። ነገር ግን ውድ ኪራይ ተስማምቶ የገባ ሰው ሁሉ በየወሩ ይከፍላል ማለት አይደለም፤ ከሌላ ከተማ ሆኖ ኪራይ ማስከፈል ምን ያህል እንደሚያደክም ደግሞ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ በአክብሮት አቀርባለሁ። ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ኪራዩ በወር 13,500 ብር እንዲሆን፣ ይህም አሁን ከምከፍለው ላይ የ2,500 ብር ጭማሪ ነው፤ ውሉ እንደ በፊቱ ለሁለት ዓመት እንዲታደስ፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጭማሪው ተቆጣጣሪው አካል ለዓመቱ በሚያሳውቀው መጠን እንዲሰላ። እኔም በበኩሌ ውሉ በተፈረመ ዕለት የሁለት ወር ኪራይ በቅድሚያ በባንክ አስገባለሁ፤ የመኝታ ክፍሎቹንና የሳሎኑን ግድግዳም በክረምቱ መውጫ በራሴ ወጪ ቀለም አስቀባለሁ። የቀለሙን ዓይነትና መልክ እርስዎ ቢመርጡ ደስ ይለኛል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳይበልጥና ተቆጣጣሪው አካል ካሳወቀው መጠን እንዳያልፍ የሚደነግግ መሆኑን ከእኔ ይልቅ የወረዳው ባለሙያዎች ያስረዱናል። አዋጁን የምጠቅሰው አዲሱ ውልም ሲመዘገብ የሚታየው በዚሁ ስለሆነ፣ ፈርመን ስናበቃ ተመልሰን እንዳንነጋገር ብቻ ነው። ለዘንድሮ የተፈቀደው መጠን ካቀረብኩት በታች ሆኖ ከተገኘ፣ ያንን ተከትለን ውሉን ብናዘጋጅ ለሁለታችንም የተሻለ ይመስለኛል።

ያቀረብኩት 13,500 ብር የማይበቃ ሆኖ ካገኙት፣ እርስዎ የሚያስቡትን ሌላ መጠን ቢያሳውቁኝ እንደገና ከባለቤቴ ጋር ተመካክሬ ፈጥኜ እመልስልዎታለሁ። ከ15,000 ብር በላይ ከሆነ ግን ልጆቹን ከሚማሩበት ትምህርት ቤት አስወጥተን ራቅ ወዳለ ሰፈር ለመሄድ እንገደዳለንና ይህን ከወዲሁ በግልጽ መናገሩ ለሁለታችንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ውሉን ለማስመዝገብ ጊዜ እንዲኖረን መልስዎን እስከ ሰኔ 10 ቀን ድረስ ቢያሳውቁኝ፤ ለመገናኘት ከመረጡም ቅዳሜ ወይም እሑድ በሚያመችዎ ሰዓት አዳማ ድረስ ልመጣ እችላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

ሰሎሞን ተክሌ
ተከራይ